የጥሪ ማስታወቂያውን የሚያዘገየው ምንድን ነው?

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ለተመደቡላቸው ተማሪዎች የጥሪ ማስታወቂያ በሚያወጡበት ሰሞን መነሻ ገጻቸው ከወትሮው የተለየ አንባቢ ያስተናግዳል። ይህ አንባቢ ገጹን ከዚያ በፊት ከፍቶት አያውቅም። በአብዛኛው የሚከፍተው በስልክ ሲሆን፣ የሚፈልገውም የመመዝገቢያውን ቀንና ይዞ መምጣት ያለበትን ሰነድ ማወቅ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱን በሜጋባይት ገዝቶ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ የገጹ ክብደት ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም ይወስዳል።

ገጽን ለማፍጠን ሦስት መፍትሔዎች ተደጋግመው ይነሳሉ፦ ምስሎችን መጭመቅ፣ ፋይሎችን ካሽ በሚባለው የብራውዘር ማከማቻ ማቆየት፣ እንዲሁም ሥራ የሌላቸውን ስክሪፕቶች ማስወገድ። ሦስቱን በአንድነት ተግብሮ «ገጹ ይህን ያህል በመቶ ፈጠነ» ብሎ መደምደም ግን አሳሳች ነው። የሦስቱ ጥቅም ለአንድ ዓይነት አንባቢ አይደርስም፤ ካሽ የሚጠቅመው ተመልሶ የሚመጣውን ነው። የጥሪ ማስታወቂያ ፈላጊው ደግሞ ገና የመጀመሪያ ጉብኝቱ ላይ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ ለማየት አንድ ገጽ ይታሰብ። ከላይ አምስት ፎቶግራፎች እየተፈራረቁ ይታያሉ። እያንዳንዳቸው ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ፣ 4000 በ2250 ፒክስል ስፋት ያላቸውና 3 ሜጋባይት የሚመዝኑ ናቸው። ከሥራቸው ማኅተም ያረፈበት የጥሪ ደብዳቤ ስካን ተደርጎ በምስል ተለጥፏል። የአንባቢው ግንኙነት በሴኮንድ 1.6 ሜጋቢት ይሁን፤ ላይትሀውስ የተባለው የመለኪያ መሣሪያ የስልክ አንባቢን ለማስመሰል የሚወስደው ፍጥነትም ይኸው ነው። ይህ በሴኮንድ 200 ኪሎባይት ማለት ስለሆነ አንዱ ፎቶግራፍ ብቻ 15 ሴኮንድ፣ አምስቱ ደግሞ 75 ሴኮንድ ይፈልጋሉ። አራቱ ገና ተራቸው ያልደረሰ ቢሆንም ከመጀመሪያው ፎቶግራፍና ከደብዳቤው ጋር ያንኑ ጠባብ መስመር ይሻማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ በቀጥታ ወደ መጭመቂያው ይሄዳል። ይሁንና ከመጭመቅ በፊት የሚመጣው መጠንን ማሳነስ ነው። ስፋቱ 360 ነጥብ ሆኖ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ፒክስል ያለው ስልክ ከ720 ፒክስል በላይ ስፋት ያለው ምስል ቢላክለትም ልዩነቱን አያሳይም። ፎቶግራፉ ወደ 720 በ405 ሲወርድ የፒክስሉ ብዛት ከ9 ሚሊዮን ወደ 291,600 ይቀንሳል፤ ይህም ከቀድሞው ሠላሳ አንደኛው ገደማ ነው። የጄፔግ ጥራትን ማውረድ ወይም ወደ ዌብፒ መለወጥ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ተጨማሪ ቅናሽ እንጂ ዋናው አይደለም።

የተቃኘው ደብዳቤ ግን ከፎቶግራፎቹ ጋር በአንድ መደብ መታየት የለበትም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የሚሠራ በመሆኑ ለሰማይና ለሣር ተስማሚ ቢሆንም ስለታም ጠርዝ ባለው ጽሑፍ ዙሪያ ብዥታ ይተዋል። ለፊደላችን ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በጎን ወይም በእግር የምትገባ አንዲት ጭረት ናት፤ ጥራቱ ሲወርድ ቀድማ የምትደበዝዘውም እሷው ናት። እዚህ ቦታ የሚሻለው ምስሉን የበለጠ መጭመቅ ሳይሆን ምስሉን ትቶ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ማስቀመጥ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 1,500 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 4.5 ኪሎባይት ብቻ ይመዝናል። ማኅተሙን ማየት ለሚሻ የተቃኘው ቅጂ በማስፈንጠሪያ ሊቀርብለት ይችላል።

የሚፈራረቁት ፎቶግራፎች ሌላም ዕዳ አለባቸው። የሚያፈራርቃቸው ስክሪፕት ብዙ ጊዜ ጄኩዌሪን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት አስከትሎ ይመጣል። ስክሪፕትን በባይቱ ብቻ ከምስል ጋር ማወዳደር ስህተት ነው። ምስል ከወረደ በኋላ ተፈትቶ ይታያል፤ ስክሪፕት ግን መነበብና መሥራት አለበት፤ ይህን በሚያደርግበት ጊዜም ገጹ ለጣት ንክኪ መልስ የሚሰጥበትን ዋና መስመር ይይዛል። በርካሽ ስልክ ላይ ጽሑፉ እየታየ ገጹ አልንቀሳቀስ የሚለው በአብዛኛው ለዚህ ነው። በመሆኑም አምስቱን ፎቶግራፎች በአንድ የማይንቀሳቀስ ፎቶግራፍ መተካት የምስልንም የስክሪፕትንም ሸክም ባንድ ጊዜ ያነሳል። ለዚህ ውሳኔ የሚያስፈልገው ከቴክኒክ ዕውቀት ይልቅ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉን ማሳመን ይመስላል። (ይህኛው ሥራ ከኮዱ ይልቅ ይከብዳል።)

ሌሎቹን ስክሪፕቶች ለመለየት የክሮም ብራውዘር `Coverage` የተባለ መመልከቻ አለው። የሚያሳየው ግን በዚያች ክፍለ ጊዜ ያልሠራውን ኮድ እንጂ የማያስፈልገውን አይደለም። የስልኩን ማውጫ የሚከፍተው ወይም ቅጽ በስህተት ሲሞላ መልእክት የሚያወጣው ኮድ ካልተነካ ሥራ ፈት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ምዝገባው እየተካሄደ መስኮቱን ወደ ስልክ ስፋት ማጥበብ፣ ማውጫውን መክፈት፣ ፍለጋውን መሞከር፣ ቅጹንም ሆን ብሎ አሳስቶ መላክ ይገባል። ከዚያም ስክሪፕቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ለሌላው ምሰሶ ከነበረ ኮንሶሉ `Uncaught ReferenceError: jQuery is not defined` በማለት ያሳብቃል።

ካሽ መጨረሻ የተቀመጠው ጥቅሙ ስለሚያንስ አይደለም። የአጠቃቀም ስህተቱ ከሁለቱ የከፋ ስለሆነ ነው። ፋይሎች ለአንድ ዓመት እንዲቆዩ የሚያዘው ራስጌ ይህ ነው፦

```
Cache-Control: public, max-age=31536000, immutable
```

የጥሪ ደብዳቤው `tiri.jpg` በሚል ስም በዚህ ራስጌ ተልኳል እንበል። የመመዝገቢያው ቀን ይለወጥና ሠራተኛው አዲሱን ደብዳቤ በዚያው ስም ይተካል። ሠራተኛው ገጹን በ`Ctrl+Shift+R` ስለሚያድስ አዲሱን ቀን ያያል። ቀደም ሲል ገጹን የከፈተው ተማሪ ግን ስልኩ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ አሮጌውን ቀን ያሳየዋል። ሰርቨሩ በየስልኩ የተቀመጠውን ቅጂ ጠርቶ የሚያጠፋበት መንገድ የለውም። የዓመት ዕድሜ ሊሰጣቸው የሚገባው ይዘታቸው በተለወጠ ቁጥር ስማቸውም ለሚለወጥ ፋይሎች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ `banner.3f9a1c.webp`። ለገጹ ለራሱ የሚበጀው `Cache-Control: no-cache` ነው። ስሙ ቢያሳስትም ትርጉሙ «አታስቀምጥ» ሳይሆን «ከመጠቀምህ በፊት ጠይቅ» ማለት ነው፤ ለውጥ ከሌለ ሰርቨሩ ይዘቱን ሳይልክ `304` ብሎ ይመልሳል።

ከዚህ አንጻር አንድ የፍጥነት ጥናት ቢያንስ ሁለት ልኬት ሊያቀርብ ይገባዋል፦ አንዱ ካሹ ባዶ ሆኖ፣ ሌላው ገጹ ዳግመኛ ሲከፈት። ለውጦቹም ተራ በተራ እየተጨመሩ ከእያንዳንዳቸው በኋላ ገጹ ደጋግሞ መለካትና መካከለኛው ውጤት መወሰድ አለበት፤ የአንድ ጊዜ ልኬት የመስመሩን መዋዠቅ እንደ ለውጡ ውጤት ሊያስቆጥር ይችላል። በግቢው ፈጣን ኔትወርክ፣ ገጹን ቀኑን ሙሉ ሲከፍት በዋለ ኮምፒዩተር ላይ የተወሰደ ቁጥር የሚነግረን ገጹ ለሠራው ባለሙያ ምን ያህል እንደሚፈጥን ነው።