ጥቁሩ በርኖስ ለምን ግራጫ ሆነ?

አንኮበር የሚኖሩ አንዲት አያት ሰሞኑን አንድ ነገር አጫወቱኝ። ባለቤታቸው የሸመኑትን ጥቁር የበግ ጠጉር በርኖስ የልጅ ልጃቸው ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ሸጠችው። ዕቃው አዲስ አበባ ደርሶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ገዢው «እኔ ያዘዝኩት ግራጫውን ነው» አለ። ፎቶውን አስልኬ አየሁት፤ ሰውዬው አልዋሸም። በርኖሱ አመድ መስሏል።

ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። የስልክ ካሜራ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ያለው አድርጎ ማሳየት ይፈልጋል። ጥቁር ነገር ፎቶውን ሲሞላው «ጨለመ» ብሎ ያፈካዋል። ነጭ ጋቢ ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ያጠቁረዋል። ስለዚህ በርኖሱን በጣት ነካ ሲያደርጉት በብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች፤ እሷን ወደ ታች መሳብ ነው። ምን ያህል? ስልኩን ከበርኖሱ ጎን ይዞ ማወዳደር። ጥቁረቱ እኩል ሲሆን ይበቃል። ለጋቢ ወደ ላይ ይሳባል።

ቀጥሎ ብርሃኑ። የአያት ቤት መስኮት ጠባብ ነውና በሩን እንጠቀም አልን። በሩ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ያያል፤ ጠዋት ፀሐይዋ ቀጥታ ትገባለች። እንዲህ ያለ ብርሃን ግማሹን አንጸባርቆ ግማሹን ያጨልመዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ግን በሩ ጥላ ይሆናል፣ የሚገባው የሰማዩ ለስላሳ ብርሃን ብቻ ነው። የአንኮበር ጉም የወረደ ቀን ደግሞ ሰዓት መምረጥም አያስፈልግም። አምፖሉ ይጥፋ፤ ቢጫው ከቀን ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ቀለሙን ያበላሻል።

በርኖሱን በሩ ፊት ለፊት አትስቀሉት። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው የሽመናው ጉብታ ይጠፋና ዝርግ ጨርቅ ይመስላል። በሩ አጠገብ ባለው የጎን ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይሰቀል፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን እየዳሰሰው ያልፋል፣ ጠጉሩም አንድ በአንድ ይታያል። ከኋላው የተተኮሰ አቡጀዲ ይዘርጋ። የጨለመው ጎን ከከበደ በዚያ በኩል፣ ፎቶው ውስጥ በማይገባበት ቦታ፣ አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ይያዝ።

የሚያነሳው ሰው ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ስልኩን በበርኖሱ መሐል ቁመት ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ከላይ ዘንበል ካለ ታችኛው ጠርዝ ጠቦ ይታያል። አያት የቆመችበትን ቦታ ወለሉ ላይ በከሰል አሰመሩላት፤ ሌላ በርኖስ በመጣ ቁጥር እዚያው ትቆማለች። ካልሆነ አንዱ በርኖስ ከሌላው አጥሮ ይታይና ገዢ «ይሄኛው ትንሽ ነው?» እያለ ይጠይቃል።

ልጅቷ ያንኑ የተመለሰውን በርኖስ ከሰዓት በኋላ ደግማ አነሳችው። ከሙሉው ፎቶ ሌላ ጠርዙን በቅርበት አንድ ጨመረች። አያት ሁለቱን ፎቶ አይተው «የፊተኛው የማን ነበር?» አሉ።