ያሸነፈው ፎቶው ነው ወይስ ጁምዓ?



ቻናላችን ላይ የአንድ ፕሮግራም ማስታወቂያ ሰኞ በጽሑፍ ብቻ፣ ጁምዓ ደግሞ በፎቶ ወጣ። የጁምዓው ብዙ ታየና «ተማሪው ፎቶ ይወዳል» ተባለ። እኔ አልተስማማሁም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብዙ ሰው ስልኩን ይከፍታል። ታዲያ ያሸነፈው ፎቶው ይሁን ቀኑ በምን ይታወቃል? ቴሌግራም የሚቆጥረው እይታም ፖስቱን አይቶ ያለፈውን ሁሉ ይጨምራል።

በእኔ እምነት መመዘን ያለበት እንዲህ ነው። የአባላቱን ዝርዝር በእጣ ለሁለት እንክፈል። በባች ከከፈልን ግን ልዩነቱ የባቹ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ወገን በአንድ ሰዓት፣ ያው ጽሑፍ ይላክ፤ ፎቶው ለአንዱ ብቻ ይጨመር። የመመዝገቢያው ሊንክ ለየብቻ ይሁንና የተመዘገበውን እንቁጠር።

ከመቶ መቶ ሰው 12 እና 9 ቢመዘገቡስ? ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል፤ አሸናፊ የለም። 30 እና 12 ቢሆን ግን አምናለሁ።

ዩቲዩብም እስከ ሦስት የቪዲዮ ሽፋን ሲያወዳድር አሸናፊውን የሚለየው በክሊክ ብዛት ሳይሆን ሰው ቪዲዮውን ባየበት ጊዜ ነው። አጓጊ ሽፋን ክሊክ ያመጣል፤ ይዘቱ ካልመሰለው ግን ተመልካቹ ወዲያው ይወጣል።

ደግሞም ግቢ ውስጥ የተገኘው ውጤት ለክረምት አይሠራ ይሆናል። ለእረፍት መዘዞ የገባ ወንድማችን ኔትወርክ ሲደክም ፎቶው ላይከፈትለት ይችላል። ስለዚህ ፎቶው ቢያሸንፍ እንኳ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በጽሑፍም ይቀመጥ።