የስንብት ደብዳቤ ምርቃት ብቻ ከሆነ ለታናናሾቿ ምን ጠቀማቸው?

አገራችን ውስጥ አንዲት የረጅም ርቀት ሯጭ ሩጫ ስታቆም አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያውቅም። አንድ ሰሞን ከልምምድ ትቀራለች። ስሟ ከውድድር ዝርዝር ይጠፋል። "እሷ ልጅ አቆመች እንዴ?" ይባባላሉ፣ በቃ። ክለቧ ደህና ከሆነ ደግሞ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ይያዛል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ደብዳቤ ይነበባል። አሰልጣኞቿን ታመሰግናለች፣ ታናናሾቿን "ጠንክራችሁ ሥሩ፣ አገራችሁን አስጠሩ" ትላለች። ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል።

ነገሩ ያማረ ነው፤ ግን ባዶ ነው። ሌሊት ተነስታ ወደ እንጦጦና ሱሉልታ የምትሄድን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ "ጠንክሪ" ማለት ምን ይጨምርላታል? ጥንካሬማ አላት። የሌላት፣ ታላቋ አሥራ አምስት ዓመት ከፍላ የተማረችው የወረቀት ሥራ ነው። አንድ ሯጭ ዶፒንግ ሳትወስድ፣ በወረቀት ብቻ ከሩጫ ልትታገድ ትችላለች።

እንዴት? የዓለም አትሌቲክስም ሆነ የአገር ቤቱ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ከፍ ያለ ደረጃ የደረሱ ሯጮችን የምርመራ ቋት ውስጥ ያስገባሉ። ቋት ውስጥ የገባች ሯጭ በየሦስት ወሩ የት እንደምታድር፣ የት እንደምትለማመድ፣ በየቀኑም በየትኛው አንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ ADAMS በሚባለው መመዝገቢያ ላይ ትሞላለች። መርማሪው ሳይነግራት ይመጣል። ባለችው ቦታና ሰዓት ካጣት አንድ ይቆጠርባታል። መረጃውን ሳትሞላ ወይም አሳስታ ብትሞላም እንዲሁ ይቆጠራል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ከሞላ ጥፋት ነው። ቅጣቱ ሁለት ዓመት እገዳ ነው፤ እንደ ጥፋቷ መጠን እስከ አንድ ዓመት ሊቀነስ ይችላል። ደሟም ሽንቷም ንጹሕ መሆኑ አያድናትም።

እስቲ ካዛንቺስ ከአክስቷ ጋር የምትኖር አንዲት ልጅ እናስብ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ቤተሰቡ እንደብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ዕቃ መጫን፣ መብራት ማስገባት፣ ውኃ መፈለግ አለ። በዚህ ሁሉ መሀል ADAMS ላይ ያለው አድራሻ ካዛንቺስ እንደሆነ ቀረ። መርማሪው ከንጋቱ 11 ሰዓት መጥቶ ፍርስራሽ አገኘ። አንድ።

ማብራሪያ ጠይቆ ደብዳቤ መጣ። መልስ የምትሰጥበት 14 ቀን አላት። ደብዳቤው የገባው ግን ማናጀሯ በከፈተላት ኢሜይል ነው። እሷ አላየችውም። መልስ ሳይሰጥ ቀኑ አለፈ፣ ተመዘገበባት። ቀጥሎ አድራሻው ተስተካከለ፤ ሰዓቱ ግን ከ11 እስከ 12 እንደነበረ ነው። ከገላን ጉራ ተነስታ የክለቡን ሰርቪስ ለመያዝ አሁን በ10 ተኩል መውጣት አለባት። መርማሪው በ11 ሲያንኳኳ እሷ መንገድ ላይ ናት። ሁለት። የሚቀጥለውን ሦስት ወር "ማናጀሩ ይሞላልኛል" ብላ ተወችው፤ ማናጀሩ ረሳው። ሦስት።

ይህች ልጅ ያጠፋችው ምንድን ነው? ቤት ቀየረች። ሕጉ ግን ማናጀር ሞላ፣ አሰልጣኝ ሞላ አይልም፤ ተጠያቂዋ አትሌቷ ራሷ ናት። ቤት በቀየረች ቀን፣ ሰርቪሱ ሰዓት በለወጠ ቀን፣ ያቺ ሰዓት ሳትደርስ በፊት ስልኳን አውጥታ ብታስተካክል ኖሮ ነገሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ይህን የሚነግራት ማን ነው? ሦስቱንም ያለፈችበት ታላቋ ናት። የምትነግራትስ መቼ ነው? ስንብቷን በምትጽፍበት ቀን ካልሆነ መቼ?

ሁለተኛው ነገር ስንብቱ ራሱ ነው። ቋት ውስጥ ያለች ሯጭ ልምምድ ስላቆመች አትወጣም። አቁሜያለሁ ብላ በጽሑፍ እስካላሳወቀች ወይም ከቋቱ ወጥተሻል እስካልተባለች ድረስ አድራሻ መሙላቷ ይቀጥላል፤ ካልሞላች ይቆጠርባታል። ዝም ብላ የጠፋችው ሯጭ ቤቷ ቁጭ ብላ ልትቀጣ ትችላለች ማለት ነው። በጽሑፍ ከወጣች በኋላ ሐሳቧን ብትቀይር ደግሞ፣ እመለሳለሁ ብላ በጽሑፍ አሳውቃ ለስድስት ወር ለምርመራ ዝግጁ ሆና መቆየት አለባት። ከዚያ በፊት አትወዳደርም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የኒውዮርክ ማራቶንን አቋርጦ ከወጣ በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ሩጫ አቆምኩ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፤ የመጨረሻ ስንብቱን የተናገረው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። በአፍ የተባለ ነገር በአፍ ይመለሳል። በዛሬው ሕግ ግን ያንኑ በወረቀት ጽፋ የሰጠች ሯጭ እንዲያ በቀላሉ አትመለስም። ስለዚህ ወረቀቱ ሲጻፍ ቀኑም ቃሉም ተመዝኖ ነው።

ይህ ከማንም በላይ ሴቶቹን ይነካል። ደራርቱ ቱሉ በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቅ አመጣች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2015 ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ ወሰደች። ታናናሾቻቸው ሁሉ ይህን መንገድ ይመኙታል። ግን እርግዝና ከቋት አያስወጣም። ወልጄ እመለሳለሁ የምትል ሯጭ ሁለት ምርጫ አላት፤ በእርግዝናም በአራስነትም አድራሻዋን መሙላት፣ ወይም በጽሑፍ ወጥታ ለመመለስ ስድስት ወሩን አስልታ መጠበቅ። ወላጅ እናቷ ቤት ለመታረስ ክፍለ ሀገር ከሄደች ያም አድራሻ ይሞላል። በመሀል ተኝታ የከረመች ልጅ ግን ስትመለስ የምታገኘው ሜዳሊያ ሳይሆን የክስ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

"ይህ የፌዴሬሽኑና የማናጀሩ ሥራ ነው፤ የስንብት ቀን ሰው አይስፈራራም" የሚሉ አሉ። ሥልጠናው የባለሥልጣኑና የፌዴሬሽኑ ግዴታ መሆኑ እውነት ነው፤ ማንም አላነሳላቸውም። ነገር ግን አዳራሽ ሞልቶ የተነገረ ሕግና "እኔ አንዷን እንዲህ አድርጌ አጥቻታለሁ" ብላ ታላቅ እህት የጻፈችው እኩል አይሰማም። ማናጀሩም ቢሆን ሯጯ ስትታገድ ሌላ ሯጭ አለው፤ እሷ ግን ሌላ እግር የላትም።

ስለዚህ ክለቦች ኬኩን ከማዘዛቸው በፊት ሁለት ወረቀት ይጠይቁ። አንደኛው ለፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ወይም ቋቷን ለሚያስተዳድረው አካል የሚሄድ፣ ቀንና ፊርማ ያለው፣ "ከዚህ ቀን ጀምሮ አቁሜያለሁ" የሚል ነው፤ ደርሶናል የሚል መልሱም ይቀመጥ። ሁለተኛው ለታናናሾቿ የሚነበበው ነው። እሱ ላይ ምስጋናው አንድ መስመር ይበቃዋል። የቀረው ኢሜይሉን በራሷ ስም እንድትከፍት፣ የይለፍ ቃሉን በእጇ እንድትይዝ፣ ቤት በቀየረች ማታ እንድታስተካክል፣ ልትወልድ ስታስብ አስቀድማ እንድትወስን የሚነግር ይሁን።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲነበብ ምናልባት ጭብጨባው ይቀንስ ይሆናል። ከኋላ ወንበር ግን አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ አድራሻዋን ታያለች፤ አሁንም ካዛንቺስ ይላል።