ታፔላው ሌላ፣ አፉ ሌላ

ከሐዋሳ ተነስቶ በአለታ ወንዶና በሐገረ ሰላም በኩል ወደ አዶላና ነገሌ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ቦሬን በጉሟና በብርዷ ያስታውሳታል። እኔ ከመኪና መስኮት ታፔላ የማንበብ ልማድ ስላለብኝ የማስታውሰው ሌላ ነው። በዚያ መስመር ያሉ የሴቶች ፀጉር ቤቶች ታፔላቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላል። ግራና ቀኝ ከኢንተርኔት የተወሰደ የማናውቃት ቆንጆ ፎቶ፣ መሀል ላይ በወርቃማ ፊደል «ሮያል» ወይም «ኒው ሉክ»፣ ከሥሩ ሹሩባ፣ ፓይስትራ፣ ካስክ፣ ቀለም፣ ጥፍር፣ የሙሽራ ሜካፕ እያለ የሚወርድ ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር።

አምሮባት የመጣችን ልጅ ግን «የት ተሠራሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። «ሮያል» አትላችሁም። «እነ ጫልቱ ጋ» ነው የምትለው፤ ካልሆነም «ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊዋ በር»። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፀጉር ቤትን ስም ግን ደንበኛ ነው የሚያወጣው። ታፔላው ሌላ፣ አፉ ሌላ ከሆነ ለታፔላ የወጣው ገንዘብ ለጌጥ ብቻ ወጣ ማለት ነው። ከሌላ ቀበሌ የመጣች እንግዳ «ጫልቱ ጋ» ብለው ልከዋት «ሮያል» የሚል ታፔላ ሥር ቆማ ሌላ ሰው ትጠይቃለች። የተጠየቀው ሰው ደግሞ ወደ ሌላዋ ጫልቱ ሊልካት ይችላል።

የእህቴ ልጅ ቦሬ ላይ ባለ ሁለት መስታወት፣ ባለ አንድ ካስክ ቤት ተከራይታ «ጋሼ፣ ስም አውጣልኝ» ስትለኝ መጀመሪያ ያልኳት «ከሰፈርሽ ጀምረሽ እስከ መናኸሪያ ሂጂና የፀጉር ቤቱን ስም ሁሉ ጽፈሽ አምጪ» ነው። ዝርዝሩ ሲመጣ የራሷ ስም ከነታፔላው ቀድሟት ተሰቅሎ ተገኘ። የሠሪዋ ስም አፍ ላይ የሚገባ ስለሆነ በራስ ስም መክፈት ብዙ ጊዜ ጥሩ ምርጫ ነው። የሚያስቸግረው ስሙ የብዙዎች ሲሆን ብቻ ነው፤ የእሷም እንዲያ ሆነ።

የሩቅ ከተማ ስም ይሻላል ያሉ ጓደኞች ነበሯት፤ ዱባይ፣ ሚላኖ፣ ፓሪስ። እንዲህ ያለው ስም የሚሠራበት ጊዜ አለ። ታዲዎስ ጌታቸው አዲስ አበባ ላይ የውበት ቤቱን «ቦስተን ዴይ ስፓ» ሲለው ቦስተን ውስጥ ፀጉር ሠርቶ ኖሯልና ስሙ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚናገረው ታሪክ ነበረው። ወደ ቢሾፍቱ ሲሻገር ደግሞ ሪዞርቱን በሐይቁ ስም «ኩሪፍቱ» አለው። ሁለቱም ጊዜ ስሙ እሱ ከነበረበት ወይም ከሚሠራበት ቦታ የተነሣ ነው። ሚላኖን በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቅ ልጅ «ለምን ሚላኖ አልሽው?» ስትባል የምትመልሰው የላትም፤ ጥያቄው ደግሞ ካስኩ ሥር ለተቀመጠች ሴት ሁሉ የመጀመሪያ ወሬ ነው።

«ሲንቄ» የሚለውም ተነሥቶ ነበር። እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጠው፣ የኦሮሞ ሴት የክብር በትር፤ ለሴቶች ቤት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። ነገር ግን ዛሬ በየከተማው ሲንቄ የሚባል ባንክ ስላለ «ሲንቄ ጋ ነኝ» ያለች ሴት ገንዘብ ልታወጣ የሄደች ነው የምትመስለው። ትልቅ ድርጅት የያዘውን ስም ትንሽ ቤት አትታገለውም።

በሁለት ቋንቋ በሚኖር ከተማ ሌላም ወጥመድ አለ። ታፔላው አፋን ኦሮሞውን በቁቤ አስቀድሞ፣ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል አስከትሎ ይይዛል። «ቦና» የሚል ሐሳብ መጣ፤ በኦሮምኛ ኩራት ማለት ነው፣ ያምራል። በቁቤ ሲጻፍ ግን «ኦ» ድርብ መሆን አለበት። ጸሐፊው አንዷን ከዘለለ ኩራቱ ቀርቶ በጋ ይሆናል፤ በአማርኛው ፊደል ደግሞ ሁለቱ ከነጭራሹ አይለዩም። ሠዓሊው ባንዲት ፊደል ሊያበላሸው የሚችልን ስም አልወደድኩትም።

በመጨረሻ የቀረው «ሎሚ» ነው። በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነገር ነው፣ የሚያብራራው ሰው አይፈልግም። በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሕፃን ይለዋል፣ አሮጊት ትለዋለች። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ስሙ ቀለምንና ቅርጽን ይዞ መምጣቱ ነው፤ ቢጫና ክብ። ፊደል ያልቆጠረች ደንበኛም «ሎሚዋ ያለችበት በር» ብላ ትልካለች፤ ቅድም «ሰማያዊዋ በር» ያለችው ሴት የፈለገችውም ይህንኑ ነበር።

ስሙን በስልክ ፈተንነው። መረቡ በሚቆራረጥበት ሰዓት ለዘመድ ተደውሎ ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል፤ የተደወለላት የሰማችውን በጽሑፍ ትልካለች። «ኒው ሉክ» በየሰው እጅ ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ፤ ሎሚ ሎሚ ሆኖ መጣ። በላቲን ሲተየብ ግን Lomi የሚሉም Loomii የሚሉም ይኖራሉ፤ ስለዚህ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ አንዱን መርጦ በሁሉም ቦታ ሳይቀይሩ መጠቀም፣ ሌላውን ደግሞ በመግለጫው ውስጥ ማስገባት ነው። ታፔላው ላይ በድርብ አናባቢ ስለሚጻፍ እኛ የመረጥነው Loomiiን ነው።

የሎሚ ችግሩ ጁስ ቤት መምሰሉ ነው። በወረቀት ላይ ቢጫ ክብ ከሁለት ቅጠል ጋር ስለን ለጎረቤት ስናሳይ የመጀመሪያዋ ሴት «ጁሱ ስንት ነው?» አለች። እንዲህ ያለውን ወረቀት ላይ መስማት ይሻላል፤ ላሜራ ላይ ከተሣለ በኋላ ውድ ነው። ቅጠሎቹን አውጥተን በቦታቸው ከሎሚው ጫፍ ወደ ጎን የሚወርድ አንድ ሹሩባ አደረግን። ሹሩባው ሦስት እጥፋት ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ በሥርዓት የተጎነጎነ፣ ብዙ እጥፋት ያለው ነበር፤ በስልክ ላይ ወደ ፕሮፋይል ፎቶ መጠን ሲያንስ የተበጠሰ ገመድ መሰለ። ምልክት ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው የጥፍር ያህል አንሶም፣ በአንድ ቀለም በስክሪብቶ ተሥሎም ሲለይ ነው። የደረሰኝ ማኅተም ሲቀረጽ ቀለም የለውምና ይህ ፈተና አይቀርለትም።

ወደ ታፔላው መጠን ስንመጣ ሒሳብ ያስፈልጋል። በማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ የሚሠራበት ልምድ፣ ለእያንዳንዱ የ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት የሚል ነው። አስፋልቱን ተሻግሮ ከ20 ሜትር እንዲነበብ ከተፈለገ ፊደሉ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል መቆም አለበት። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ቀንዶቹና እግሮቹ ላይ ነው፤ «ሚ»ን ከ«መ» የምትለየው ያቺ ትንሽ ጭራ ናት። ፊደሉ በጣም ከወፈረ ጭራዋ ትዋጣለች። ስለዚህ ወፍራም ሳይሆን ትልቅና ክፍት ፊደል ይሻላል።

ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላሜራ በርዝመቱ ለሁለት ሲቆረጥ 2 ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በግራ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሎሚ፣ ከጎኑ ስሙ በቁቤ ስድስት ፊደል፣ አጠገቡ ሎሚ በሁለት ፊደል፣ ሁለቱም 17 ሴንቲ ሜትር ቁመት። ከሥሩ የሥራው ዓይነት ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሠዓሊ ይሳሳታል። «የሴቶች የውበት ሳሎን» በአማርኛ 11 ፊደል ነው፤ «ማና ሚዻጊና ዱበርቶታ» ግን በቁቤ 25 ፊደል ይፈጃል። ጸሐፊው አማርኛውን አስቀድሞ ከለካ ኦሮምኛው መጨረሻ ላይ ተጨናንቆ ይጣመማል። ረጅሙን መጀመሪያ መለካት ነው፤ ባለ 7 ሴንቲ ሜትር ፊደል ከሆነ እያንዳንዱ ቋንቋ በየራሱ መስመር ይገባል፣ ዳር ዳሩም ባዶ ቦታ ይተርፋል። ዝርዝሩና ስልክ ቁጥሩ በሩ ላይ ይለጠፉ። የሹሩባን ዋጋ የምታነበው በሩ ላይ የደረሰች ሴት እንጂ ባጃጅ ላይ ያለች አይደለችም።

ቀለሙ ሁለት ብቻ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ መደብ፣ ቢጫ ሎሚና ቢጫ ጽሑፍ። ለጉም ከተማ ይህ ልዩነት ጥሩ ነው። ግን ባነር አይታተምም፤ ለዚህ ምክንያት አለኝ። የርካሽ ባነር ቀለም ፀሐይ ሲመታው መጀመሪያ የሚለቀው ቀዩና ቢጫው ነው፣ የሚቀረው ሰማያዊው ነው። በየመንገዱ በር ላይ ፊታቸው ሰማያዊ ሆኖ የሚያዩን ቆንጆዎች የዚህ ሥራ ናቸው። ስሟ ሎሚ የሆነች ቤት ቢጫዋን ካጣች ምን ቀራት? ዝገት መከላከያ የተቀባ ላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ይበልጥ ይቆያል፤ ሲደበዝዝም ሠዓሊው በዚያው ቢጫ ደግሞ ይቀባዋል። የቀለሙን ቆርቆሮ ስምና ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ያለዚያ ሁለተኛው ቢጫ ብርቱካን ሆኖ ይመጣል።

ሠዓሊው በዚህ አልተደሰተም። መቀስ፣ ማበጠሪያና የሴት ፊት ካልጨመረ ሥራ የሠራ አልመሰለውም፤ ለፊደሉም ጥላ ሊያደርግለት ፈለገ። ጥላ ከሩቅ ሲታይ ፊደሉን ሁለት ያደርገዋል አልነው። እጁ ግን ጎበዝ ነውና ፊቷን ከውስጥ፣ ከመስታወቶቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ እንዲሥላት ተስማማን።

ይህ ሁሉ ከመቀባቱ በፊት ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነበረባት። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ቀድሞ ከተመዘገበ የንግድ ስም ጋር የሚመሳሰል ስም አይመዘገብም፤ ስለዚህ ሁለት ተለዋጭ ስም ይዛ ሄዳለች። ላሜራው ከተቀባ በኋላ ስሙ ተይዟል መባል ሁለት ኪሳራ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት የሚመዘገብ፣ ለ7 ዓመት የሚጸና፣ ከዚያ የሚታደስ። አዶላ ላይ ሌላ ሰው ባለ ሹሩባ ሎሚ ሠቅሎ የተገኘ ዕለት ያስፈልጋት ይሆናል። ለጊዜው ግን ያን ገንዘብ ሁለተኛ ካስክ ግዢበት ብያታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው የሚረዝመው እዚያ ላይ ነው።