ከእኔ ወጥተህ የትም አትሠራም!

አንዳንድ አሠሪ ደመወዝ የሚከፍለው በቀን ለስምንት ሰዓት ነው። ሰውየውን መያዝ የሚፈልገው ግን ለሃያ አራት ሰዓት፣ ከዚያም አልፎ ሥራውን ለቅቆ ከሄደ በኋላ ጭምር ነው። “ከእኔ ጋር እስካለህ ድረስ የእኔ ነህ” ቢል አንድ ነገር ነው። “ከእኔ ከወጣህም በኋላ ለሁለት ዓመት የትም አትሠራም” ሲል ግን፣ ይህ ውል ነው ወይስ ገመድ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ለወገኖቻችን የሥራ ውል እያነበብኩ መተርጎም ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ። ሰው ውሉን ይዞልኝ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከፈረመ በኋላ ነው። ሲፈርም ያየው የሰዓት ክፍያውን ብቻ ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን አንቀጽ ልብ የሚላት የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ነው። አንቀጿም ያለመወዳደር ግዴታ ትባላለች። ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ለዚህን ያህል ጊዜ፣ በዚህን ያህል ርቀት ውስጥ፣ ለተወዳዳሪ ድርጅት እንዳይሠራ፣ የራሱንም እንዳይከፍት የምትከለክል ናት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ።) በ1414 እንግሊዝ አገር አንድ ጨርቅ ነካሪ ለግማሽ ዓመት በከተማው ሙያውን እንዳይሠራ ግዴታ ገብተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ዳኛው በጣም ተቆጡ፤ ከሳሹ እዚህ ቢኖር ኖሮ ለንጉሡ መቀጮ እስኪከፍል ድረስ እስር ቤት ይገባ ነበር አሉ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። የዛሬ ዳኞች እንደዚያ አይቆጡም፤ ነገር ግን መመዘኛ አላቸው።

የቨርጂኒያን ልንገራችሁ። ፍርድ ቤቱ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይመዝናል። ክልከላው ምን ዓይነት ሥራ ይከለክላል? የት ድረስ ይደርሳል? ለስንት ጊዜ ይቆያል? እነዚህ ተደምረው የአሠሪውን ሕጋዊ ጥቅም ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ማለፍ የለባቸውም፤ ሠራተኛውን እንጀራ የሚያሳጡ፣ የሕዝብንም ጥቅም የሚጎዱ መሆን የለባቸውም። ይህን የማስረዳት ሸክም ያለውም በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው “ለምን አልታሰርም” ብሎ አይከራከርም፤ አሠሪው ነው “ለምን ማሰር አስፈለገኝ” የሚለውን የሚያስረዳው።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ሆም ፓራማውንት የሚባል የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ነበረው አንድ ሠራተኛ በ2009 ሥራውን ለቅቆ ለሌላ የተባይ ማጥፊያ ድርጅት መሥራት ጀመረ። የፈረመው ውል ለሁለት ዓመት፣ ይሠራባቸው በነበሩት አካባቢዎች፣ በተባይ ማጥፋት ሥራ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ሁለት ዓመት ብዙ አይደለም፤ ቦታውም ሰውየው የሚያውቀው ሰፈር ነው። እስከዚህ ድረስ የአሠሪው ጠበቃ እፎይ ብሎ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

የተንኮሉ ቦታ ሦስተኛዋ ናት፤ የሥራው ዓይነት። ውሉ ሰውየው በባለቤትነትም፣ በወኪልነትም፣ በተቀጣሪነትም፣ በባለአክሲዮንነትም፣ “በማናቸውም መንገድ” ከዚህ ሥራ ጋር እንዳይነካካ ይላል። ጉዳዩ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኖቬምበር 2011 የተሰጠው ፍርድ ይህን ቃል በቁሙ አነበበው። በቁሙ ሲነበብ፣ ሰውየው የአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያ አክሲዮን ገዝቶ ቤቱ ቢቀመጥና ያ ኩባንያ በሥሩ አንድ የተባይ ማጥፊያ ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ ሰውየው ውል አፍርሷል ማለት ነው። ድርጅቱ ይህን ያህል ሰፊ ክልከላ ለምን እንዳስፈለገው አላስረዳም። ስለዚህ ዳኞቹ የጊዜውና የቦታው መጥበብ የሥራውን ስፋት አያድነውም ብለው አንቀጹን ጣሉት። አንዷ ዳኛ ተለይተዋል።

የሚገርመው ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ይህንኑ ቃል በ1989 አጽድቆት ነበር። ድርጅቱም “ራሳችሁ ያጸደቃችሁት እኮ ነው” ብሎ ተከራክሯል። መልሱ፣ በሃያ ሁለቱ ዓመታት ውስጥ ሕጉ እየጠራ መጥቷል የሚል ሆነ። ጠበቃ ከመሳቢያ አውጥቶ የሚገለብጠው የድሮ ውል ለዘላለም አይሠራም ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ዳኞቹ አንቀጹን ጣሉት እንጂ አልጠገኑትም። የእኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዳኛው የሰፋውን አጥብቦ፣ የረዘመውን አሳጥሮ ያስፈጽመዋል። በፍሎሪዳማ ሕጉ ራሱ ከልክ ያለፈውን ክልከላ አሻሽል ብሎ ዳኛውን ያዘዋል። ርኅራኄ ይመስላል አይደል? እኔ ግን ለስግብግብ የተሰጠ ሽልማት ነው እላለሁ። አሠሪው አምስት ዓመት ብሎ ይጽፋል። ሠራተኛው ከፈራ አምስቱን ዓመት ይቀመጣል፤ ካልፈራና ከተከራከረ ደግሞ ዳኛው ወደ አንድ ዓመት ያወርድለታል። አሠሪው በሁለቱም በኩል አይከስርም። ታዲያ ከመጀመሪያው አንድ ዓመት ብሎ የሚጽፍበት ምን ምክንያት አለው? “ሁሉን ከጠየቅህ ሁሉን ታጣለህ” የሚለው የቨርጂኒያ መንገድ ግን ውሉ ገና ሲጻፍ እጅን ይሰበስባል።

“ታዲያ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ደግ ከሆነ ምን አስፈራን?” የሚል አይጠፋም። የሚያስፈራው ፍርድ ቤት ለመድረስ ገንዘብና ጊዜ ማስፈለጉ ነው። ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በሌላ መዝገብ፣ አንቀጹ ተገቢ መሆን አለመሆኑ ማስረጃ ሳይሰማ በወረቀቱ ንባብ ብቻ ሊወሰን አይገባም ብሏል። ማስረጃ ማሰማት ደግሞ ጠበቃ ይፈልጋል፤ ጠበቃ በሰዓት ያስከፍላል። ደግሞም ከሠራተኛው በፊት የሚፈራው አዲሱ አሠሪ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሰው “ነገርሽን ጨርሰሽ ነይ” ይላል። በተባይ ማጥፊያውም ጉዳይ የተከሰሰው ሰውየው ብቻ ሳይሆን የቀጠረው ድርጅት ጭምር ነበር። እንግዲህ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚወድቅ አንቀጽ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሥራውን ሠርቶ ያድራል።

ለዚህ ነው የቨርጂኒያ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ከፍርዱ የበለጠ ደስ ያሰኘኝ። ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ዝቅተኛ ተከፋይ ከሆነ ሠራተኛ ጋር እንዲህ ያለ ውል መፈራረም፣ ማስፈጸም፣ ማስፈጸም ብቻ ሳይሆን አስፈጽማለሁ ብሎ ማስፈራራትም ተከልክሏል። ያጠፋ አሠሪ ለእያንዳንዱ ጥፋት 10 ሺህ ዶላር ይቀጣል፤ ሠራተኛውም ራሱ መክሰስ ይችላል። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ሁሉ፣ የደመወዙ መጠን ሳይታይ፣ በዚህ ጥበቃ ሥር ገብቷል።

እስቲ አንዲት እህታችንን እናስብ። በ2021 አሌክሳንድሪያ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በሚንከባከብ ድርጅት በሰዓት ተቀጠረች። ውሉ ለሁለት ዓመት፣ በሃምሳ ማይል ዙሪያ፣ በማናቸውም የሥራ መደብ ለሌላ እንክብካቤ ድርጅት እንዳትሠራ ይላል። ከአሌክሳንድሪያ ሃምሳ ማይል ማለት ዋሽንግተንን በሙሉ ይውጣል፤ ባልቲሞርም አይቀርለትም። ክፍያዋ ከግዛቲቱ አማካይ የሳምንት ደመወዝ በታች ከሆነ፣ ስለ ማይሉና ስለ ዓመቱ መከራከር እንኳ አያስፈልጋትም፤ ውሉ ከመነሻው የተከለከለ ነው። የፈረመችው በ2019 ቢሆን ግን አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራምና በቀድሞው ሚዛን ትከራከራለች፤ “በማናቸውም የሥራ መደብ” የምትለዋ ቃል ያኔ ታግዛታለች። በሁለቱም በኩል ግን የደንበኞቹን ዝርዝር ኮፒ አድርጋ እንዳትወጣ እመክራታለሁ። ሕጉ የድርጅትን ምሥጢር መጠበቅን አልከለከለም፤ እዚያ ላይ ከተያዘች የሚያድናት የለም።

የአሠሪዎችን ሙግት አላጣሁትም። አሠልጥነን፣ ደንበኛ አስተዋውቀን፣ ምሥጢር አሳይተን እንዴት በማግሥቱ ከጎናችን ሱቅ ይከፈትብናል ይላሉ። ለአንዳንዱ ሠራተኛ ይህ እውነት ነው፤ ዋጋ የሚተምነውንና ደንበኛ የሚያመጣውን ሰው ማለቴ ነው። ግን ሳንድዊች የሚጠቀልል ልጅ ምን ምሥጢር አለው? ጂሚ ጆንስ የተባለው የሳንድዊች ድርጅት ውል ሠራተኞቹን ለሁለት ዓመት፣ ከማናቸውም ሱቁ በሦስት ማይል ውስጥ፣ በሌላ ሳንድዊች ቤት እንዳይሠሩ ያስፈርም ነበር። በ2016 የኒውዮርክና የኢሊኖይ ዐቃቤያነ ሕግ ከያዙት በኋላ ነው የተወው። ምሥጢሩ ምሥጢር ከሆነ የምሥጢር መጠበቂያ ውል አለ።

ሽርክና ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ወገኖቼ እንዳይሳሳቱ እፈልጋለሁ። ሁለት ሰዎች ምግብ ቤት ከፈቱ እንበል። አንደኛው ድርሻውን ሸጦ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ወጣ፤ በዚያው መንገድ ለሦስት ዓመት ሌላ ምግብ ቤት ላይከፍትም ፈረመ። ይህንን ፍርድ ቤት በቀላሉ አይጥለውም። በ1711 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ቤቱን ለሌላ ካስተላለፈ በኋላ በዚያው ደብር ለአምስት ዓመት ላለመጋገር ገብቶት የነበረው ግዴታ ጸንቷል። ቨርጂኒያም ንግድ ሲሸጥ ከቅጥር ይልቅ ሰፋ ያለ ክልከላ ትፈቅዳለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገዢው የከፈለው ለድስትና ለወንበር ሳይሆን ለደንበኛው ነው። ደንበኛውን ሸጦ መልሶ መውሰድ ሌብነት ነው። ደግሞም ሻጩ ከገዢው ጋር እኩል ተደራድሮ ዋጋ ተቀብሏል። የሰዓት ሠራተኛዋ የተቀበለችው ምንድን ነው? ለሠራችበት ሰዓት ክፍያዋን፤ ሌላ ምንም።

ከላይ መፍትሔ ይመጣል ብሎ መጠበቅም አይበጅም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በአፕሪል 2024 እንዲህ ያሉ ውሎችን ከሞላ ጎደል በመላ አገሪቱ የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት ኦገስት ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፤ ኮሚሽኑም በሴፕቴምበር 2025 ይግባኙን ተወው። ስለዚህ ሁሉም የሚኖርበትን ግዛት ሕግ ይጠይቅ። የጠበቃ ደብዳቤ ፍርድ አለመሆኑንም ይወቅ።

ለአሠሪዎቻችን ደግሞ፣ በተለይ ትናንት ራሳቸው ተቀጣሪ ለነበሩት፣ የምለው ይህን ነው። የምትጠብቁት እውነተኛ ነገር ካላችሁ ስሙን ጠርታችሁ፣ ልኩን ለክታችሁ ጻፉት። ካልሆነ ግን ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል። የቨርጂኒያ ዳኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።