«ደብል» ማለት ስንት አልጋ ነው?

በአዲስ አበባ ሆቴል ያስገነባ ባለሀብት ስለ ሊፍቱ፣ ስለ ጄኔሬተሩና ስለ እብነ በረዱ ዋጋ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ይናገራል። ክፍሎቹ በአራት ቋንቋ ምን ተብለው እንደሚጠሩ ሲጠየቅ ግን «እሱን ማተሚያ ቤቱ ያውቃል» ብሎ ያልፋል። ይህች መልስ ገንዘብ የምታስወጣ ስለሆነች ነው ብዕራችንን ያነሳነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ቦሌ አካባቢ የሚገኝ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገን አንድ ሆቴል 60 ክፍሎች አሉት። 44ቱ አንድ ሰፊ አልጋ፣ 16ቱ ደግሞ ሁለት ነጠላ አልጋ የተዘረጋባቸው ናቸው። ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ 24 ልዑካን በአንድ የጉዞ ወኪል አማካይነት 12 ክፍል ለ4 ሌሊት ያዙ። ወኪሉ «ሻምብር ዱብል» ብሎ በፈረንሳይኛ ጻፈ፤ የሆቴሉ ጸሐፊ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው «ደብል ሩም» አለችው፤ ሪሴፕሽን ለሀውስኪፒንግ ያስተላለፈው ወረቀት ላይ ደግሞ «12 ደብል» ተብሎ ተጻፈ። ሀውስኪፒንግ ዘንድ ደብል ማለት አንድ ሰፊ አልጋ ነውና 12 ባለ ሰፊ አልጋ ክፍሎች ተዘጋጅተው እንግዶቹን ጠበቁ።

ልዑካኑ ሌሊት ደረሱ። ሁለት ሁለት የሥራ ባልደረቦች በአንድ አልጋ እንዲተኙ ሲነገራቸው ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም። በዚያ ሌሊት ነጻ የነበሩት ባለ ሁለት አልጋ ክፍሎች 7 ብቻ ነበሩ። ለቀሪዎቹ 10 ሰዎች፣ ማለትም ለአምስቱ ጥንዶች፣ ከተያዘላቸው 5 ክፍል በላይ ሌላ 5 ክፍል መክፈት ግድ ሆነ። 5 ክፍል በ4 ሌሊት ሲባዛ 20 የክፍል ሌሊት ይሆናል። የስብሰባ ሰሞን በመሆኑ እያንዳንዱ ለሌላ እንግዳ በሙሉ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን ወኪሉ እንዲከፍል ለማድረግ ሞክረው ነበር፤ ማስረጃቸውም «ደብል ነው ያላችሁት» የሚል ነው። ወኪሉ የሆቴሉን የራሱን የፈረንሳይኛ በራሪ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሁለት አልጋ የሚታይበት ፎቶግራፍ አለ፤ ከሥሩ «ሻምብር ዱብል» ይላል። የእንግሊዝኛው በራሪ ወረቀት ያንኑ ፎቶግራፍ «ትዊን ሩም» ይለዋል። ሁለቱ ወረቀቶች በተለያየ ዓመት፣ በተለያየ ሰው ተተርጉመው፣ በተለያየ ማተሚያ ቤት የታተሙ ናቸው። ሥራ አስኪያጁም ዝም ብለው ከፈሉ።

እዚህ ላይ የጸሐፊዋ ትርጉም ስሕተት አልነበረም። «ሻምብር ዱብል» በቃል ደረጃ «ደብል ሩም» ነው። ችግሩ ያለው ቃሉ ራሱ ስለ አልጋው ቁርጥ ያለ ነገር አለመናገሩ ላይ ነው። ፈረንሳዮች ቃሉን ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል ለማለት ይጠቀሙበታል፤ አልጋውን ለይቶ መናገር የፈለገ ግን ለአንድ ሰፊ አልጋ «ግራን ሊ»፣ ለሁለት አልጋ «ሊ ዡሞ» ብሎ ይጨምርበታል።

በሆቴል ወረቀቶች ላይ አንድ ቃል ሦስት ጥያቄ እንዲመልስ ይገደዳል። የክፍሉ ደረጃ ምንድን ነው? ስንት ሰው ያሳድራል? አልጋው እንዴት ተዘርግቷል? «ስታንዳርድ» የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል፤ «ደብል» አንዳንዴ ሁለተኛውን፣ አንዳንዴ ሦስተኛውን። ቋንቋ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ መልሱ ይገለበጣል። ጣልያኖች «ካሜራ ዶፒያ» ሲሉ ሁለት አልጋ ያለውን ክፍል ነው፤ አንድ ሰፊ አልጋ ያለውን «ማትሪሞኒያሌ» ይሉታል። ቻይናዎች «ቢያው ጁን ጂየን» የሚሉት ቃል በቃል ሲተረጎም «ስታንዳርድ ክፍል» ማለት ነው፤ ነገር ግን በአገራቸው ልማድ ይህን የጠየቀ እንግዳ የሚጠብቀው ሁለት አልጋ ነው። ሆቴሉ ባለ አንድ አልጋውን ተራ ክፍል በዚህ ስም ካቀረበ ከቦሌው ሆቴል የተለየ ዕጣ አይገጥመውም።

የአልጋ መጠንም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ «ኪንግ» የሚባለው ፍራሽ ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በአሜሪካ ኪንግ ማለት 193 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። በእኛ ገበያ አልጋ የሚሸጠው 1.20፣ 1.50፣ 1.80 እየተባለ በሜትር በመሆኑ ከሁሉም የሚሻለው አጠራር በእጃችን ነበር። የእንጨት ሥራ ቤቱ በሜትር የሸጠልንን አልጋ በራሪ ወረቀት ላይ «ኪንግ» ብለን ማተማችን ነው ያሳሳተን።

አማርኛውስ? አማርኛም የራሱ ወጥመድ አለው። «አልጋ አለ?» ብሎ የሚገባ እንግዳ የሚጠይቀው ክፍል ነው። ከክፍለ ሀገር ደውለው «ሁለት አልጋ ያዙልን» ያሉ ሽማግሌ ሁለት ክፍል ማለታቸው ይሆናል፤ ስልኩን ያነሳው ወጣት ግን አንድ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይዞ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በሆቴሉ ወረቀት ሁሉ ለሚሸጠው ነገር «ክፍል»፣ ለሚተኛበት ዕቃ «አልጋ» የሚል መስመር ማስመር ያስፈልጋል። የስልክ ሠራተኛውም «ስንት ክፍል? በየክፍሉስ ስንት አልጋ?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ አለበት።

መድኃኒቱ የቃላት መዝገብ ነው። መዝገብ ስንል ግን መዝገበ ቃላት ማለታችን አይደለም። መዝገበ ቃላት ከቃል ተነሥቶ ትርጉሙን ይፈልጋል፤ ይህኛው ከዕቃው ተነሥቶ ስሙን ይወስናል። ሥራው የሚጀመረው የታሪፍ ካርዱን፣ የቦታ መያዣ ቅጹን፣ በራሪ ወረቀቱን፣ ድረ ገጹን፣ በክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን የእንግዳ መምሪያ፣ የሀውስኪፒንግ ዝርዝሩንና ደረሰኙን በአንድ ጠረጴዛ ላይ በመዘርጋት ነው። ክፍልን የሚጠራ ስም ሁሉ ይሰመርበታል። ቤቱ ያለው የአልጋ አዘረጋግ ሦስት ዓይነት ሆኖ የተገኙት ስሞች ዘጠኝ ከሆኑ በሽታው ታወቀ ማለት ነው።

ቀጥሎ መለኪያ ሜትር ተይዞ ወደ ክፍሎቹ ይወጣል። ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር አንድ ቁጥር ያለው ገጽ ይከፈታል። የቦሌው ሆቴል ኋላ ላይ ካዘጋጀው መዝገብ ቁጥር 7ን እንውሰድ። ፍችው «እያንዳንዳቸው 1.20 ሜትር ስፋት ያላቸው፣ በመካከላቸው ኮመዲኖ ያለ፣ ሁለት የተለያዩ አልጋዎች» ይላል። ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። የአማርኛ ስሙ «ባለ ሁለት ነጠላ አልጋ ክፍል» ነው፤ እንግሊዝኛው «ትዊን ሩም»፤ የፈረንሳይኛው «ሊ ዡሞ» የሚለውን የግድ ይይዛል፤ ቻይንኛው «ሽዋንግ ቹዋንግ ፋንግ»፣ ማለትም ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ነው። ሁሉም በየራሳቸው ፊደል ተጽፈዋል። ከገጹ ግርጌ የተከለከሉት ስሞች ተዘርዝረዋል፦ «ደብል»፣ «ሻምብር ዱብል»፣ እንዲሁም ስለ አልጋው ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን የቆመ «ስታንዳርድ»። ከሁሉም ጠቃሚው ይህ የክልከላ መስመር ነው፤ ተርጓሚው በየጊዜው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነውና።

በክፍሉ ውስጥ ያሉ አገልግሎቶችም በዚሁ መንገድ ይመዘገባሉ። «ባኞ» ለአንዱ መታጠቢያ ቤቱ ነው፣ ለሌላው መታጠቢያ ገንዳው። ሻወር ብቻ ያለበት ክፍል ገንዳ ባለው ስም ከተሸጠ እንግዳው ቅናሽ መጠየቁ አይቀርም፤ ስለዚህ «ሻወር» እና «ገንዳ» ሁለት የተለያዩ ገጾች ያገኛሉ። ሰዓትም አይረሳ። ቁርስ «ከጠዋቱ 12:30 እስከ 4 ሰዓት» የሚለውን ተርጓሚው ቁጥሩን ሳይለውጥ ወደ እንግሊዝኛ ካሻገረው የውጭ አገሩ እንግዳ ቁርሱን ከቀኑ 6:30 ላይ ሊፈልግ ይመጣል። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

መዝገቡ መሥራቱ በምን ይታወቃል? ሥራውን ላላየች አንዲት የክፍል ሠራተኛ ስሙ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጣትና ክፍሉን እንድታዘጋጅ ትጠየቃለች። ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ካዘጋጀች ስሙ ይጸድቃል፤ «የትኛውን ማለታችሁ ነው?» ካለች ስሙ ይቀየራል። ለውጭ ቋንቋዎቹ ደግሞ ቋንቋውን የሚናገር፣ አማርኛውን ያላየ ሰው አልጋውን በወረቀት ላይ እንዲስል ማድረግ ይበቃል።

ገደብም አለው። በኢንተርኔት ክፍል የሚሸጡ ድረ ገጾች ባለሆቴሉ የፈለገውን ስም እንዲጽፍ አይፈቅዱለትም፤ ከተዘጋጀ ዝርዝር እንዲመርጥ ያደርጉታል፤ ትርጉሙንም ራሳቸው ያወጣሉ። ማድረግ የሚቻለው በየገጹ ላይ «በዚህ ድረ ገጽ ይህ ይመረጥ» ብሎ መመዝገብና ፎቶግራፉንና የሴንቲ ሜትሩን ልክ በትክክል መስጠት ነው። እንደ አስፈላጊነቱ ገጥመው አንድ፣ ለይተው ሁለት የሚያደርጓቸው አልጋዎች ያሉበት ክፍልም የራሱን ገጽ ይፈልጋል፤ በየትኛው አዘረጋግ እንደተሸጠ በቦታ መያዣው ላይ ካልተጻፈ መዝገቡ ብቻውን አያድንም። ትራስና ፎጣውን ሁሉ ልመዝግብ ያለም የሚያነበው አያገኝም። ለአንድ መካከለኛ ሆቴል አርባ ገጽ በቂ ነው።

አንዳንድ ባለሆቴሎች «እንግዶቻችን እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ይህ ሁሉ ለምን?» ይላሉ። ይሁንና ቃሉ ከእንግዳው ጋር አያበቃም። ከወኪሉ ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ ወደ ሪሴፕሽን፣ ከሪሴፕሽን አልጋ ወደምታነጥፈው ሠራተኛ ይሻገራል፤ የመጨረሻው መሻገሪያ ሁልጊዜ አማርኛ ነው። ለዚህም ነው መዝገቡ ለማስታወቂያ ክፍሉ ሳይሆን ክፍል ለሚመድበው ኃላፊ መሰጠት ያለበት። እሱ ሳይፈርምበት ምንም ወረቀት ማተሚያ ቤት መሄድ የለበትም።

የቦሌው ሆቴል መዝገቡን ያዘጋጀው ከ20 የክፍል ሌሊት ኪሳራ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አዲስ በራሪ ወረቀት ሊያሳትም የተዘጋጀ ባለሆቴል ካለ ከማተሚያ ቤቱ በፊት መለኪያ ሜትሩን ያንሣ።