የጅምላ ቅናሽ ርካሽ የሚሆነው ሲሰላ ነው

ቦምቤ ከተማ ላይ ለገበሬ ግብዓት የሚያከፋፍል አንድ መሠረታዊ ማኅበር ወይም ባለሱቅ አቅራቢው ዘንድ ሲሄድ ሦስት ዋጋ ይነገረዋል። ጥቂት ከገዛ አንድ ዋጋ፣ ከፍ ካደረገ ሌላ ዋጋ፣ አብዝቶ ካነሳ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ። ብዙ የግዥ ኮሚቴዎች በፕሮፎርማው ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር አክብበው ይፈርማሉ። ኦዲተሩም ሲመጣ የሚጠይቀው «ለአንዱ ስንት ከፈላችሁ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ስህተት ባይሆንም ግማሽ ነው። ግማሽ ጥያቄ የማኅበሩን ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ሊቆልፈው ይችላል።

ነገሩን በፒክስ ከረጢት ማየት ይቀላል። ፒክስ በወላይታ በቆሎና ቦሎቄ ለሚያከማች ገበሬ የሚጠቅም፣ ከውጭ ማዳበሪያ የሚመስል ጆንያ፣ ከውስጥ ደግሞ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ያለው ዕቃ ነው። ሁለቱ ፕላስቲኮች በየተራ በደንብ ሲታሰሩ አየር አይገባም። ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ከረጢቱ እንደ ዘር ወይም እንደ ፀረ ተባይ የመጠቀሚያ ጊዜ አያልፍበትም፤ ስለዚህም «ብዙ ብንገዛ ምን ይጎዳናል?» የሚለው ክርክር የሚበረታው እዚህ ላይ ነው።

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ማኅበር በቦታቸው የራሱን ማስገባት አለበት። ማኅበሩ በዓመት 2,400 ከረጢት ይሸጣል እንበል። አቅራቢው ከ1,000 በታች ለሚገዛ አንዱን በ120 ብር፣ ከ1,000 እስከ 1,999 ለሚገዛ በ116 ብር፣ 2,000 እና ከዚያ በላይ ለሚያነሳ በ114 ብር ይሰጣል።

ከዋጋው ውጪ ሁለት ወጪዎች አሉ። አንደኛው የማዘዣ ወጪ ነው። ከቦምቤ በአረካ አድርጎ ሶዶ ወይም ከዚያ አልፎ የሚሄደው ሰው ውሎ አበል፣ የመኪናው ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ የባንክ ማስተላለፊያ በአንድ ጉዞ 2,250 ብር ይፈጃል እንበል። የሥራ አስኪያጁ የወር ደመወዝ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ አንድ ጊዜ ታዘዘም አምስት ጊዜ ደመወዙ አይለወጥምና። ጭነቱ በጉዞ ሳይሆን በከረጢት ቁጥር የሚከፈል ከሆነም ቦታው እዚህ አይደለም፤ በአንዱ ዋጋ ላይ ይደመራል።

ሁለተኛው የማቆያ ወጪ ነው። በከረጢት ላይ የተቀመጠ ብር የብድር ብር ከሆነ ወለድ ይበላል፤ የራስ ብር ከሆነ ደግሞ ሌላ ሥራ መሥራት ይችል ነበር። በዚያ ላይ አይጥ የቀደደው፣ ፀሐይ ያደረቀው፣ ጠፋ የተባለው አለ። ውስጡ የተበሳ ፒክስ ከተራ ጆንያ አይሻልም። ይህ ሁሉ ተደምሮ በዓመት የከረጢቱን ዋጋ 25 በመቶ ነው እንበል። የዘበኛ ደመወዝ እዚህም አይቆጠርም፤ መጋዘኑ ሞላም ጎደለም ያው ነው።

ሁለቱ ወጪዎች በተቃራኒ ይሄዳሉ። ጥቂት ጥቂት ያዘዘ በጉዞ ይከስራል፤ አብዝቶ ያዘዘ በማቆያ ይከስራል። ሚዛኑ የት እንደሚገኝ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ሃሪስ በ1913 እ.ኤ.አ. በቀላል ቀመር አሳይቷል። የዓመቱ ፍላጎት በማዘዣ ወጪ ይባዛል፣ ውጤቱ በ2 ይባዛል፣ ከዚያ አንዱን ከረጢት ዓመት ለማቆየት ለሚወጣው ወጪ ይካፈላል፤ የመጨረሻው ስኩዌር ሩት ሲወሰድ አዋጭ የግዥ መጠን ይገኛል። በ120 ብር ዋጋ አንዱን ማቆየት 30 ብር ነው። 2 × 2,400 × 2,250 ለ30 ሲካፈል 360,000 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 600 ነው። ማኅበሩ በዓመት 4 ጊዜ 600 ከረጢት ያነሳል ማለት ነው። ለማዘዣ 9,000 ብር ይወጣል። መጋዘን ውስጥ በአማካይ የሚገኘው የ600 ግማሽ፣ 300 ስለሆነ ለማቆያም 9,000 ብር ይወጣል። ሁለቱ እኩል መምጣታቸው ስሌቱ ትክክል ለመሆኑ ምልክት ነው። የከረጢቱ ዋጋ 288,000 ብር ሲጨመር የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 306,000 ብር ይሆናል።

አሁን ቅናሹ ይምጣ። በ116 ብር ቀመሩ 610 ገደማ ይሰጣል፤ ነገር ግን አቅራቢው ይህን ዋጋ የሚሰጠው ከ1,000 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቀመሩ የሰጠው ቁጥር ይተዉና ቅናሹ የሚጀምርበት 1,000 ይወሰዳል። ከ1,000 በላይ መውሰድ አያስፈልግም፤ ከአዋጩ መጠን በራቁ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። ለከረጢት 278,400፣ ለማዘዣ 5,400፣ ለማቆያ 14,500፣ በድምሩ 298,300 ብር ይመጣል። (በዓመት 2.4 ጊዜ ማዘዝ ሲባል ግር የሚለው ካለ፣ በ5 ዓመት 12 ጊዜ ማለት ነው።) ከመጀመሪያው በ7,700 ብር ይሻላል።

በ114 ብር ደግሞ ቅናሹ የሚጀምረው ከ2,000 ነው። ለከረጢት 273,600፣ ለማዘዣ 2,700፣ ለማቆያ 28,500፣ በድምሩ 304,800 ብር። ዝቅተኛው ዋጋ ከመካከለኛው በ6,500 ብር በለጠ። በከረጢት 2 ብር መቀነሱ በዓመት 4,800 ብር ያተርፋል፣ የጉዞው መቀነስ 2,700 ይጨምራል፤ ማቆያው ግን 14,000 ይወስዳል። ፕሮፎርማው ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። ኦዲተሩም የሚያመሰግነው በእሱ ነው።

በብር ብቻ አይደለም። 2,000 ከረጢት ለማንሳት በአንድ ቀን 228,000 ብር ይወጣል፤ ለ1,000 ግን 116,000 ብር ይበቃል። ልዩነቱ 112,000 ብር ነው። አዲስ እህል ገበያ ሲወጣና ዋጋው ሲወርድ ማኅበሩ የአባላቱን በቆሎ የሚገዛበት ብር ይኸው ነው። ያን ጊዜ ካዝናው ባዶ ከሆነ ገበሬው ለነጋዴ በወረደ ዋጋ ይሸጣል፤ ከረጢቱ ግን መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ይቆያል።

እስከዚህ ያለው ስሌት አንድ ነገር ገምቷል፤ ሽያጩ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው ብሏል። ቦምቤ ላይ ይህ አይሆንም። ከረጢት የሚፈለገው እህል በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። ቀመሩን ከመጽሐፍ ቀድቶ የሚያሠላ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሽያጩ በ4 ወር ካለቀ ከረጢቱ የሚቆየው ቢበዛ 4 ወር ነው፤ የማቆያው ወጪም 25 ሳይሆን ሲሶው፣ 8.33 በመቶ ገደማ ይሆናል። 1,000 እና 2,000 እኩል የሚመጡት የማቆያ ወጪው 13.4 በመቶ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ትልቁ ቅናሽ ያሸንፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መካከለኛው።

ስለዚህ በወቅቱ ስሌት መልሱ ይገለበጣል። 2,400ውን በአንድ ጊዜ በ114 ብር ማንሳት ለከረጢት 273,600፣ ለጉዞ 2,250፣ ለማቆያ 11,400፣ በድምሩ 287,250 ብር ያስወጣል። በሁለት ጊዜ 1,200 እያነሱ በ116 ብር መግዛት ደግሞ 288,700 ብር ነው። ትልቁ ግዥ በ1,450 ብር ተሻለ።

ግን ይህ 1,450 ብር ሁሉም ከረጢት ከተሸጠ ብቻ ነው። ወቅቱ ሲያበቃ የተረፈ ከረጢት ለሚቀጥለው ወቅት 8 ወር ይጠብቃል፤ ለእያንዳንዱ 19 ብር ይወጣበታል። 77 ከረጢት ቢተርፍ የቅናሹ ጥቅም አልቋል። 77 ከ2,400 ውስጥ ከ100 ከ4 ያነሰ ነው። ዝናብ ሲያዛባና ምርት ሲቀንስ ግምቱ ከዚያ በላይ እንደሚሳሳት የወረዳ ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። በሁለት ጊዜ የሚገዛ ማኅበር የመጀመሪያው 1,200 እንዴት እንደተሸጠ አይቶ ሁለተኛውን መቀነስ ይችላል፤ ከ1,000 በታች ካወረደው ግን 116 ብር የሚለው ዋጋ እንደሚያልፈው አስቀድሞ ይወቅ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዋጋው እንደ ብዛቱ ለሚለዋወጥ ዕቃ ነው። በመንግሥት በኩል መጥቶ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበራት የሚከፋፈለው የአፈር ማዳበሪያ እንዲህ ዓይነት እርከን የለውም። ለምርጥ ዘርና ለፀረ ተባይ ደግሞ ከቅናሹ በፊት የመጠቀሚያ ቀኑ ይታያል፤ እስከዚያ ቀን ሊሸጥ ከሚችለው በላይ መግዛት በየትኛውም ዋጋ ኪሳራ ነው።

የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ከፕሮፎርማው ጋር አንድ ገጽ ተጨማሪ ሊጠይቅ ይገባል። ለእያንዳንዱ የዋጋ እርከን የከረጢቱ ዋጋ፣ የማዘዣው፣ የማቆያውና ድምሩ የተጻፈበት ሦስት መስመር ይበቃል። ኮሚቴውም አቅራቢውን ስለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስረከቢያው መጠየቅ አለበት። ውሉ የ2,400 ሆኖ፣ ዋጋው 114 ብር ሆኖ፣ ዕቃው በሁለት ጊዜ 1,200 እየሆነ ቢመጣ ድምሩ 283,800 ብር ይሆናል፤ ከላይ ከተቆጠሩት ሁሉ ያነሰ ነው። አቅራቢው ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ እፈልጋለሁ ካለ ግን አብዛኛው ጥቅም ይጠፋል፤ ከረጢቱ አቅራቢው መጋዘን ቢቆይም ብሩ ከማኅበሩ ካዝና ወጥቷልና። ውሉ ላይ ክፍያው በርክክብ መሆኑ መጻፍ አለበት።